ባለ 3 ሜትር የድንጋይ ድጋፍ ግንብ፦ መሠረቱ 1.50 ወይስ 2.00?

«ቤቴ ጉለሌ በኩል ተዳፋት ላይ ነው። ግቢውን ደልዳላ ለማድረግ በታች በኩል 3 ሜትር የድንጋይ ግንብ አቁሜ ከኋላው አፈር ልሞላ ነው፤ ወደፊት መኪና አቆምበታለሁ። ኢንጂነሩ የታችኛው ስፋት 2 ሜትር ይሁን አለ። ግንበኛው ደግሞ ‹1.50 ከበቂ በላይ ነው፣ ብር አታባክን› ይለኛል። የእህቴ ልጅ ሲቪል ተመርቋል። በ1.50 ሠርቶት ለመገልበጥ የደህንነት ቁጥሩ 1.8 ወጣለት፤ ‹1.5 ካለፈ ይበቃል› አለኝ። መሬቱ በካሬ ሜትር 150 ኪሎኒውተን ይችላል፣ የሚያርፍበት ግን 72 ብቻ ነው ብሏል። ታዲያ ኢንጂነሩ ለምን ያስወድድብኛል?»

ኢንጂነሩ አላስወደደብዎትም። የእህትዎ ልጅ የመገልበጡን ሒሳብ በትክክል ሠርቷል፤ ግን እዚያው አቁሟል። 72 የምትለዋ ቁጥር ደግሞ ለዚህ ጥያቄ መልስ አትሆንም፤ ለምን እንደሆነ ከታች አሳያለሁ።

አፈር የሚደግፍ ግንብ በሦስት መንገድ ይሸነፋል። አንደኛው ወደ ፊት መገልበጥ ነው። ሁለተኛው ቆሞ ሳለ በመሠረቱ ላይ ወደ ፊት መንሸራተት ነው። ሦስተኛው ከፊት ጫፉ ሥር ያለው መሬት ጫናውን መሸከም ሲያቅተው ነው። ሰው ሁሉ የሚፈራው የመጀመሪያውን ነው፤ ምክንያቱም ሲታሰብ በዓይን ይታያል። እንደ እርስዎ ባለ ከባድ የድንጋይ ግንብ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚመጡት ሌሎቹ ሁለቱ ናቸው።

የእርስዎን ግንብ ይዘን እንሥራው። ከመሬት በላይ 3 ሜትር፣ ከመሬት በታች ግማሽ ሜትር፣ በድምሩ 3.50 ሜትር ይሆናል። የላይኛው ስፋት 50 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የፊት ገጹ ቀጥ ያለ፣ የኋላው ደግሞ ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ ነው እንበል። ከኋላ የሚሞላው ገረጋንቲ ነው፤ በደንብ ተጠቅጥቆ አንድ ሜትር ኩቡ 18 ኪሎኒውተን ይመዝናል፣ የውስጥ የፍትጊያ አንግሉ 30 ዲግሪ ነው። የድንጋይ ግንቡን 22 ኪሎኒውተን በሜትር ኩብ እወስዳለሁ። (10 ኪሎኒውተን ወደ አንድ ቶን ነው።) ሒሳቡ ሁሉ ለአንድ ሜትር የግንብ ርዝመት ነው።

30 ዲግሪ ያለው ሙሌት ወደ ጎን የሚገፋው ከላይ ወደ ታች የሚጫነውን አንድ ሦስተኛ ያህል ነው። ግፊቱ ከላይ ዜሮ ሆኖ ወደ ታች እየጨመረ ይሄዳል። ሲደመር 37 ኪሎኒውተን ይሆናል። የሚገፋውም ከመሠረቱ አንድ ሦስተኛ ከፍታ ላይ፣ ማለትም 1.17 ሜትር ላይ ነው። ስለዚህ ግንቡን ለመገልበጥ የሚታገለው ሞመንት፣ ማለትም ግፊቱ በከፍታው ሲባዛ፣ 43 ኪሎኒውተን ሜትር ነው። ይህ ቁጥር መሠረቱ ሰፋም ጠበበም አይለወጥም። የሚለወጠው ግንቡ የሚመልሰው ነው።

በ1.50 መሠረት እንጀምር። የድንጋዩ ክብደትና ከኋላው ተዳፋት ገጽ በላይ የተቀመጠው አፈር ተደምረው 108.5 ኪሎኒውተን ይሆናሉ። ይህ ክብደት በመሠረቱ የፊት ጫፍ ዙሪያ፣ «ጣት» በምንለው ነጥብ፣ 78.5 የሚሆን የሚይዝ ሞመንት አለው። 78.5 ለ43 ሲካፈል 1.83 ነው። የእህትዎ ልጅ ያገኘው ይህንን ነው። ለመገልበጥ ብዙ ባለሙያ ቢያንስ 1.5 ይጠይቃል፣ ጠንቀቅ የሚለው ደግሞ 2። በ1.5 ከሄድን አልፏል።

መንሸራተት ላይ ስንደርስ ነገሩ ይጠብባል። ግንቡን ቦታው ላይ የሚይዘው በመሠረቱና በመሬቱ መካከል ያለው ፍትጊያ ነው። ጠንከር ላለ ደረቅ ቀይ አፈር የፍትጊያ ቁጥሩን 0.45 ልውሰድ። 108.5 በ0.45 ሲባዛ 49 ይሆናል። የሚገፋው 37 ነው። 49 ለ37 ሲካፈል 1.33 ነው። እዚህ የሚፈለገው 1.5 ስለሆነ አላለፈም።

«ግንቡ ፊት ለፊት ግማሽ ሜትር ተቀብሯል፣ ያ አፈር አይዘውም?» የሚል ይኖራል። ይይዘዋል፣ እስከተቀመጠ ድረስ። ግን ያ አፈር የእርስዎ አይደለም ማለት ይቻላል። ነገ የውሃ መስመር ይቆፈርበታል፣ የመንገድ ቦይ ይወጣበታል፣ ወይም ጎረቤት መሠረት ያወጣበታል። በዚያ ቀን ግንቡ ያለ እሱ መቆም አለበት። ስለዚህ እኔ የፊቱን አፈር ከሒሳብ አስወጣዋለሁ፤ ኢንጂነርዎም ያደረገው ይህን ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ መሬቱ ጫና እንምጣ። 72 የተገኘው 108.5ን ለ1.50 በማካፈል ነው። ይህ አማካይ ነው። አማካዩ የሚሠራው ክብደቱ በመሠረቱ መሃል ላይ ቢያርፍ ነበር። ግን አፈሩ ከኋላ እየገፋ ክብደቱን ወደ ፊት ይወስደዋል። ሰው ከኋላው ሲገፉት ክብደቱ ወደ እግሩ ጣቶች ይሄዳል፣ ተረከዙም ሊነሣ ይደርሳል። ግንቡም የሚሆነው ይኸው ነው። አጠቃላይ ክብደቱ ያው ነው፤ የሚያርፍበት መሬት ግን ይጠብባል፣ ጣቱ ሥር ያለው ጫናም ያሻቅባል።

የት ላይ እንደሚያርፍ ለማወቅ ከባድ ሒሳብ አያስፈልግም። ከሚይዘው ሞመንት የሚገለብጠውን ቀንሱ፣ ለጠቅላላው ክብደት አካፍሉ። የሚመጣው ክብደቱ ከጣቱ ስንት ርቆ እንዳረፈ ነው፦

```
x = (Mr - Mo) / V
e = B/2 - x
e <= B/6 :  q = (V/B) * (1 + 6*e/B)
e >  B/6 :  q = 2*V / (3*x)
```

እዚህ Mr የሚይዘው ሞመንት፣ Mo የሚገለብጠው፣ V ጠቅላላ ቁልቁል ክብደት፣ B የመሠረቱ ስፋት ነው። x ከጣቱ ያለው ርቀት፣ e ከመሃል ያፈነገጠበት መጠን፣ q ደግሞ ጣቱ ሥር ያለው ከፍተኛ ጫና ነው። B/6 የተባለው ወሰን የመሠረቱን መካከለኛ ሲሶ ያመለክታል። ክብደቱ በዚያ ሲሶ ውስጥ ካረፈ መሠረቱ በሙሉ መሬቱን ይነካል። ከሲሶው ከወጣ ግን ተረከዙ፣ ማለትም የመሠረቱ የኋላ ጫፍ፣ መሬቱን መጫን ያቆማል። ድንጋይና አፈር እርስ በርስ ሊጎተቱ አይችሉምና ሒሳቡ ይለወጣል፤ ሁለተኛው ቀመር ለዚያ ነው።

በ1.50 ሲገባ x 0.33 ሜትር ይወጣል። ክብደቱ ከመሃል 42 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት አፈንግጧል። የሚፈቀደው 25 ነበር። ስለዚህ መሬቱን በትክክል የሚጫነው የመሠረቱ ስፋት ወደ 98 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ከኋላ ያለው ግማሽ ሜትር ምንም አይሸከምም። ጣቱ ሥር ያለው ጫና በካሬ ሜትር 220 ኪሎኒውተን ይሆናል። መሬቱ የሚፈቅደው 150 ነው። የእህትዎ ልጅ ካሰበው 72 ሦስት እጥፍ ማለት ነው።

የሚያሳስበው ደግሞ ይህ ነው። ጣቱ ሥር ያለው መሬት መቀመጥ ሲጀምር ግንቡ ወደ ፊት ዘንበል ይላል። ዘንበል ሲል ክብደቱ ይበልጥ ወደ ጣቱ ይጠጋል። ጫናው ይጨምራል፣ መሬቱ ይበልጥ ይቀመጣል። በመጨረሻ ሰዎች «ግንቡ ተገለበጠ» ይላሉ፤ የጀመረው ግን ከመሬቱ ነበር። በሒሳብ 1.83 ያለው ግንብ እንዲህ ሊወድቅ ይችላል። ለመገልበጥ የሚሠራው ቁጥር ግንቡ በማይደቀቅ ጠርዝ ላይ ይዞራል ብሎ ያስባል። ቀይ አፈር ደግሞ እንዲህ ያለ ጠርዝ አይሆንም።

አሁን መሠረቱን 1.70 እናድርገው። መገልበጥ 2.34፣ መንሸራተት ልክ 1.50። ሁለቱም አለፉ። ጫናው ግን 174 ነው፤ አሁንም ከ150 በላይ። ሁለቱን ብቻ ሠርቶ የሚያቆም ሰው 1.70 ላይ «ጨርሻለሁ» ይላል። በ2.00 ሲሠራ መገልበጥ 3.22፣ መንሸራተት 1.76፣ ጫናው 144 ይሆናል። ክብደቱም በመካከለኛው ሲሶ ጠርዝ ላይ ያርፋል። የኢንጂነሩ 2 ሜትር ከዚህ ነው የመጣው። 3.22 ሲያዩ «በጣም በዛ» ይላሉ፤ ግን ስፋቱን የወሰነው መገልበጥ አይደለም፣ የመሬቱ ጫና ነው።

ብር መቆጠብ ከፈለጉ ግን መንገድ አለ። ስፋቱን መቀነስ ሳይሆን የት እንደሚጨመር መምረጥ ነው። የ1.70ውን ግንብ ይውሰዱና ከታች፣ ከመሬት በታች ባለው ግማሽ ሜትር ውስጥ፣ መሠረቱን 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ያውጡት። ጠቅላላው ስፋት እንደገና 2.00 ሆነ። የድንጋዩ መጠን ግን ከኢንጂነሩ 2.00 ወደ 9 በመቶ ያንሳል። ክብደቱ አሁን ከጣቱ 75 ሳንቲ ሜትር ይርቃል፣ ጫናውም ከ144 ወደ 110 ይወርዳል። ተረከዙም አይነሣም። መንሸራተት 1.54 ነው፤ ያልፋል ግን ብዙ ትርፍ የለውም። ወደ ፊት የሚወጣው ክፍል መሬት ላይ ያለውን ጫና በጣም ይቀንሳል፣ መንሸራተትን ግን እምብዛም አይረዳም። ወደ ኋላ የሚጨመረው ከላዩ አፈር ስለሚሸከም መንሸራተትን ይበልጥ ይረዳል። ይህን ልዩነት መያዝ ጥሩ ነው።

ሁለት ነገር ልጠንቀቅ። የሚወጣው ጣት በእርስዎ ይዞታ ውስጥ መሆን አለበት፤ ወሰን ላይ የሚቆም ግንብ ከሆነ ይህ አማራጭ የለም። ብረት የሌለው ድንጋይ ደግሞ መታጠፍ አይችልም። ውፍረቱ 50 ከሆነ ከ30 በላይ አያውጡት፤ አለዚያ ጣቱ ራሱ ይሰነጠቃል።

ግንበኛው ደግሞ ተዳፋቱን ገጽ ከፊት አድርጎ ጀርባውን ቀጥ ካደረገው ሒሳቡ ሌላ ይሆናል። ብዙ ግንበኞች እንዲህ ይወዳሉ፣ ለዓይንም ያምራል። ግን ከጀርባው ገጽ በላይ የሚቀመጥ አፈር አይኖርም፣ ያ ክብደት ይጠፋል። 2.00 መሠረት ይዞም መንሸራተቱ ከ1.76 ወደ 1.18 ይወርዳል። ጫናው ዝቅተኛ ሆኖ ሳለ ግንቡ ሊንሸራተት ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ሥዕሉን ለግንበኛው ሲሰጡ ስፋቱን ብቻ ሳይሆን የትኛው ገጽ ቀጥ እንደሆነ ያስምሩበት።

እስካሁን ያለው ሁሉ ሙሌቱ ደረቅ ነው ብሎ ነው። ውሃ ከገባ ይህ ሁሉ ይፈርሳል። ሙሌቱ እስከ አናቱ በውሃ ቢሞላ አፈሩ በውሃ ውስጥ ስለሚቀል የራሱ ግፊት ወደ 20 ይወርዳል፤ የውሃው ግፊት ግን ብቻውን 61 ነው። ውሃ እንደ አፈር በራሱ ፍትጊያ አይያዝም፣ ሙሉ ክብደቱን ወደ ጎን ይገፋል። ድምሩ ከ37 ወደ 82 ይዘላል። በዚህ ጊዜ የኢንጂነሩ 2.00 ግንብ እንኳ መገልበጡ 1.5 አካባቢ ይሆናል። መንሸራተቱ 0.82 ይሆናል፣ ጫናውም 290 ይደርሳል። ይህ ውሃው መሠረቱን ከሥር ወደ ላይ የሚያነሣውን ሳይጨምር ነው። ድጋፍ ግንብ ክረምት ላይ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚወድቀው በአብዛኛው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ግንቡን ማወፈር አይደለም፤ ውሃውን ማስወጣት ነው። ከግንቡ ጀርባ 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ንጹህ ጠጠር ከታች እስከ ላይ ይሙላ። በጠጠሩና በገረጋንቲው መካከል ጂኦቴክስታይል የሚባለው ውሃ አሳላፊ ጨርቅ ይግባ፤ አለዚያ ደቃቁ አፈር ጠጠሩን ይደፍነዋል። በግንቡ ውስጥ ከ7.5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ቱቦዎች በየ1.5 ሜትሩ ርቀት ይውጡ። የታችኛው ረድፍ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ ይሁን። ከላይ ደግሞ የግቢው የዝናብ ውሃ ወደ ሙሌቱ እንዳይገባ የሲሚንቶ ቦይ ይሠራ። ቱቦው ተደርጎ ጠጠሩ ከተረሳ ግን አይጠቅምም። ከኋላው ጭቃ ያለው ቱቦ በዝናብ ጊዜ ጠብ አይልም። ያንን ካዩ ሥራው ከሽፏል ማለት ነው።

ከቁፋሮ የወጣውን ቀይ አፈር መልሶ መሙላትም ሌላው ፈተና ነው። ርካሽ ነው፣ ቦታው ላይ አለ። ግን ውሃ ይይዛል፣ ሲረጥብ ይለሰልሳል፤ 30 ዲግሪ ብለን የሠራነው ሁሉ ለእሱ አይሠራም። ገረጋንቲውን በ20 ሳንቲ ሜትር ንብርብር እየጠቀጠቁ መሙላት ይሻላል። ግንቡ አጠገብ ከባድ ሮለር አይግባ፤ ትንሽ የእጅ መጠቅጠቂያ ይበቃል።

መሬቱ «150 ይችላል» ማን አለ? ከአፈር ምርመራ ከመጣ ጥሩ ነው። ከግምት ከመጣ ግን የመሠረቱ ጉድጓድ ሲቆፈር ኢንጂነሩ ራሱ ይይ። ጥቁር የሚሰነጠቅ አፈር፣ ዋልካ፣ ከታየ ይህ ሒሳብ አይያዝም። ዋልካ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ እስኪያልቅ ተቆፍሮ ይወጣል ወይም ሌላ ዓይነት መሠረት ይታሰባል። ቀይ አፈሩም ከሥር እርጥብ ከሆነ 0.45 የምለው ፍትጊያ ወደ 0.35 ሊወርድ ይችላል። ያን ጊዜ ጣት ያወጣነው ግንብ መንሸራተቱ 1.20 ብቻ ይሆናል። ቀላሉ መድኃኒት የመሠረቱን ወለል ወደ ኋላ ዝቅ እንዲል አድርጎ መቆፈር ነው፤ በ1 ሜትር 10 ሳንቲ ሜትር ያህል። ይህ ብቻ የጠፋውን ፍትጊያ ይመልሳል፣ ወጪውም ምንም አይደለም።

አሁን መኪናው። ለኢንጂነሩ ነግረውታል? ከሒሳቡ እንደማየው አልነገሩትም። ሙሌቱ ላይ የሚቆም መኪና በካሬ ሜትር 10 ኪሎኒውተን ብለን ብንወስደው፣ በግንቡ ላይ ወደ 12 የሚጠጋ ግፊት ይጨምራል። ይህ ግፊት የሚያርፈው አንድ ሦስተኛ ከፍታ ላይ ሳይሆን መሃል ላይ ነው፤ ስለዚህ የሚገለብጠው ሞመንት ከ43 ወደ 63 ይደርሳል። ያኔ የኢንጂነሩ 2.00 እንኳ መንሸራተቱ 1.33፣ ጫናው ወደ 183 ይሆናል። ሁለቱም አያልፉም። ለመኪና የሚበቃው መሠረት በዚህ ዓይነት ግንብ ወደ 2.40 ነው፤ መንሸራተቱ 1.59፣ ጫናው 145።

እኔ የምመክርዎት ይህ ነው። 1.50ውን ይተዉት። መኪና ከግንቡ አናት 3.5 ሜትር አርቀው ማቆም ከቻሉ፣ 1.70 ከ30 ሳንቲ ሜትር ጣት ጋር ይሠራ፤ ካልቻሉ ደግሞ 2.40። ውሳኔዎን ይዘው ወደ ኢንጂነሩ ይመለሱና ሥዕሉን አስተካክሎ ይፈርምበት። የእኔ ቁጥሮች በወሰድኳቸው የአፈር ባሕርያት ላይ የቆሙ ናቸው። የመሬት መንቀጥቀጥንና ተዳፋቱ በሙሉ ከግንቡ ሥር ተቆርጦ መንሸራተት መቻሉን አልያዙም። ሁለቱንም ኢንጂነሩ በቦታው ማየት አለበት። በዩሮኮድ ላይ የተመሠረተውን የአገራችንን ስታንዳርድ ተከትሎ ከሠራ ደግሞ እንዲህ አንድ የደህንነት ቁጥር አይጠቀምም፤ ጭነቱንና የአፈሩን አቅም ለየብቻ በማባዣ ያስተካክላል። ቁጥሮቹ ከእኔ ቢለዩ አይገረሙ።

ግንቡ ካለቀ በኋላ ፊቱ ላይ በሁለት ቦታ ቱንቢ ጥለው ከአናትና ከታች ያለውን ርቀት ይለኩ፣ ይጻፉት። ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ እንደገና ይለኩ። ከግንቡ አናት ጋር ትይዩ የሆነ ስንጥቅ ግቢው ላይ ከታየ፣ ወይም ቱንቢው ወደ ፊት መሄዱን ካሳየ፣ ጣቱ ሥር ያለው መሬት እየተቀመጠ ነው። ያኔ ስንጥቁን በሲሚንቶ አይድፈኑት። መጀመሪያ ውሃውን ያስወጡ፣ ከላይ ያለውን ጭነት ያንሱ፣ ከዚያ ኢንጂነር ይጥሩ።